ሐሳባችሁን በቀብድ ፈትኑት፦ ብር ከማውጣት በፊት ጥሩውን ሐሳብ ከሚያጓጓው መለያ መንገድ

ጎንደር ውስጥ ሥራ ልጀምር ብሎ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልገው ቤት ነው። ፒያሳ ወይም ማራኪ አካባቢ አንድ ክፍል ያገኛል። አከራዩ የወራት ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ እሱም ይከፍላል። ቀጥሎ ፍሪጅ ይገዛል፣ ግድግዳ ያስቀባል፣ ባነር ያሠራል። ገዢ መኖሩን የሚያጣራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ «ተው ይቅርብህ» ቢባል እንኳ መመለስ ይከብደዋል፤ ገንዘቡ ወጥቷልና።

እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ገልብጡት ነው። መጀመሪያ ገዢው ከኪሱ ያውጣ፤ እናንተ በኋላ ታወጣላችሁ። ለዚህ ደግሞ እኛ ዘንድ ሁሉም የሚያውቀው መሣሪያ አለ፦ ቀብድ። ቤት ስንከራይ፣ ልብስ ስናሰፋ፣ በግ ስናዝ ቀብድ እንከፍላለን። ለአዲስ ሐሳብ ግን ቀብድ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም። አስተያየት ብቻ ጠይቀን እንመለሳለን።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ከዳር እስከ ዳር እንየው። አዘዞ ያደገች አንዲት ልጅ አለች እንበል። ቤታቸው አካባቢ ላም ያላቸው ጎረቤቶች አሉ፤ ወተት ታገኛለች። ፍራፍሬ የገባበት እርጎ በኩባያ አዘጋጅታ ፒያሳ ላይ ለቢሮ ሠራተኞች መሸጥ ፈልጋለች። ሐሳቡን የሰማ ሁሉ «አሪፍ ነው» ይላታል። እሷም እንቅልፍ አጥታለች።

አንደኛ፦ ሐሳቡን ያለ ጌጥ ጻፉት

ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ማን ይገዛል? በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት? በስንት ብር? ዛሬ ገንዘቡን በሚያወጣበት በየትኛው ነገር ፈንታ? «ዘመናዊ»፣ «ጣፋጭ»፣ «ልዩ» የሚሉ ቃላት አይገቡም።

ልጅቷ መጀመሪያ የጻፈችው «በጎንደር የመጀመሪያው ዘመናዊ የእርጎ ቤት» የሚል ነበር። ይህ ለባነር ይሆናል። ለፈተና ግን አይሆንም፤ ገዢ የለበትምና። ደግማ ስትጽፈው እንዲህ ሆነ፦ «ፒያሳ አካባቢ ቢሮ የሚሠራ ሰው፣ በሥራ ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ በማኪያቶና በሳምቡሳ ፈንታ አንድ ኩባያ እርጎ በ60 ብር ይገዛኛል።» አሁን ይህ እውነት ይሁን ሐሰት ሄዶ ማየት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ምልክት አስተውሉ። ደካማ ሐሳብ ጥያቄ ሲበዛበት ይሰፋል። «እርጎውን ማን ይገዛል?» ሲባል መልሱ «አይብም ይኖረናል» ይሆናል። «አይቡንስ?» ሲባል «ኬክም እንጨምራለን፣ በባጃጅም እናደርሳለን» ይመጣል። ጥሩ ሐሳብ ግን ሲጠየቅ ይጠባል። «ቢሮ የሚሠራ ሰው» የነበረው «ከቤቱ ቁርስ ሳይበላ የሚወጣ፣ ቢሮው ፒያሳ የሆነ ሰው» ይሆናል። እየጠበበ ሲሄድ ደስታው ቀዝቀዝ ቢል አትደንግጡ። ሰዉን እያገኛችሁት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ስላለፈው ሳምንት ጠይቁ

«እርጎ ቤት ብከፍት ትገዛለህ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። እኛ ጋ ይሉኝታ አለ። ፊት ለፊት «አልገዛም» ብሎ የሰው ሞራል የሚነካ ጥቂት ነው። «በርቺ»፣ «እግዜር ይርዳሽ»፣ «ጥሩ አስበሻል» ይባላል። እነዚህ ምርቃቶች ናቸው፤ ከልብ የመጡም ናቸው። ግን አንዳቸውም ግዢ አይደሉም።

ይሉኝታ የማይገባበት ጥያቄ ስላለፈው ነገር የሚጠየቀው ነው፦

«ትናንት ረፋድ ላይ ምን ቀመስክ? የት? ስንት ከፈልክ?»
«ለመጨረሻ ጊዜ እርጎ ገዝተህ የጠጣኸው መቼ ነው?»
«ባለፈው ረቡዕስ?»

የመጨረሻው ጥያቄ ለምን እንደገባ ቀጥሎ ግልጽ ይሆናል። ሰውየው ሲመልስ ሐሳባችሁን አትንገሩት። ከነገራችሁት በኋላ የሚሰጣችሁ መልስ ሁሉ እናንተን ላለማስከፋት የሚሰጥ ነው።

ጥሩ ሐሳብ የሚታወቀው እዚህ ነው። ሰዎች አሁንም ለዚያ ችግር ገንዘብ ወይም ድካም እያወጡ ከሆነ ነገሩ የእውነት ነው። እርጎ ፍለጋ ከቢሮ ወጥቶ ሩቅ የሚሄድ ሰው ካገኛችሁ ያ ወርቅ ነው። «እርጎ እንኳ እወዳለሁ፣ ግን ከጠጣሁ ቆየሁ» የሚለው ግን ወዳጃችሁ እንጂ ደንበኛችሁ አይደለም።

ስሙኝ፣ ቤተሰብን አትጠይቁ። የእቁብ ጓደኛንም፣ የሰፈር ሰውንም አትጠይቁ። እነሱ የሚገዙት እናንተን ብለው ነው፤ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ አይኖሩም።

ሦስተኛ፦ ሐሳቡን በቀን መቁጠሪያው ላይ አስቀምጡት

ብዙ ጥሩ የሚመስሉ ሐሳቦች ወረቀት ላይ የሚያሸንፉት በወር 30 ቀን ስለሚሸጥባቸው ነው። ጎንደር ውስጥ ግን ቀኖች እኩል አይደሉም። ጥምቀት ሲመጣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ለዚያ ሳምንት ብላችሁ የተከራያችሁት ቤት ግን ዓመቱን ሙሉ ኪራይ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ማራኪ አካባቢ ጭር ይላል። ለወተት ውጤት ደግሞ ከሁሉም የሚከብደው ጾም ነው።

የልጅቷን ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ዋጋ ገበያ ወርዳችሁ አስገቡ።

አንድ ኩባያ በ60 ብር ትሸጣለች። ለወተቱ፣ ለስኳሩና ለፍራፍሬው፣ ለኩባያው፣ ለትራንስፖርቱ፣ ለሚበላሸውም ጭምር 38 ብር ይወጣል። ከአንድ ኩባያ 22 ብር ይተርፋታል። ኪራይ በወር 12,000፣ አንድ ሠራተኛ 5,000፣ መብራት፣ ውኃና ሌላ ሌላው 3,000 ብር ቢሆን ቋሚ ወጪዋ በወር 20,000 ብር ነው። የራሷ ደመወዝ ገና አልገባም። 20,000ን ለ22 ስናካፍል 909 ኩባያ ገደማ ይመጣል። ለ30 ቀን ሲከፋፈል በቀን 30 ኩባያ ነው። «30 ኩባያማ በአንድ ሰዓት ያልቃል» ትላለች። እውነትም ቀላል ይመስላል።

አሁን ቀን መቁጠሪያውን እናምጣ። ገዢዎቿ የቢሮ ሰዎች ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ አይገኙም። አምስት የሥራ ቀን ቀረ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ስለዚህ ለሚጾም ሰው የምትሸጥባቸው ቀኖች ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ናቸው።

ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ስምንት የሥራ ሳምንት ይወስዳል። ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ሁለት ሳምንት በሉት። 42 ሳምንት ቀረ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀኖች ረቡዕና ዓርብም ይበላል፤ ይህ ሰባት ሳምንት በአምስት አምስት ቀን 35 የሽያጭ ቀን ይሰጣታል። የቀሩት 35 ሳምንቶች በሦስት ሦስት ቀን 105 ይሆናሉ። ድምሩ 140 ቀን ነው። የገና ጾምን የሚጾመው ደንበኛ ከበዛ ደግሞ ከስድስት ሳምንት 18 ቀን ይቀነስና 122 ይቀራል። በዓላት የሚዘጉበትን ቀን ገና አልነካንም።

የዓመቱ ቋሚ ወጪ 240,000 ብር ነው። ለ22 ሲካፈል 10,909 ኩባያ ነው። ለ140 ቀን ስናካፍለው በቀን 78 ኩባያ ይመጣል። ለ122 ቀን ከሆነ 89። ትናንት 30 የነበረው ማለት ነው። ሐሳቡ አልተለወጠም፤ ቀኑ በትክክል ተቆጠረ እንጂ።

በእርግጥ በጾም ቀን ሽያጩ ዜሮ አይሆንም። ሙስሊም ደንበኞች አሉ፣ የማይጾሙ አሉ፣ ቱሪስትም ይመጣል። ስንት እንደሚሆን ግን በግምት አትሙሉት። ወተትና እርጎ ወደሚሸጥ ቤት ማክሰኞ ረፋድ ሄዳችሁ ሻይ አዝዛችሁ ተቀመጡ። ለአንድ ሰዓት የገባውን ሰውና ያዘዘውን በወረቀት ላይ በጭረት ቁጠሩ። በማግስቱ ረቡዕ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር ደግማችሁ ቁጠሩ። የሁለቱ ልዩነት የከተማውን የጾም ሒሳብ ይነግራችኋል። አዲስ ዓለም አካባቢ ካለ ቤት ብትቆጥሩ ሌላ ቁጥር ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩበት ሰፈር ነውና። ያም ራሱ የት መሸጥ እንዳለባችሁ ይጠቁማል። ረመዳንን ግን እዚያ ላይ አትርሱ።

ሌላም አለ። በጾም ሰው አይጠጣም፤ ላሟ ግን መታለቧን አታቆምም። ወተት የሚያመጡላችሁ ጎረቤቶች በሁዳዴም «ውሰጂ» ይላሉ። ካልወሰዳችሁ ቅቤ ያወጡታል፣ ወይም ሌላ ተቀባይ ይፈልጋሉ። ፋሲካ አልፎ ሁሉም ወተት ሲሻማ ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጡት በጾሙ ላልተዋቸው ሰው ነው። ከወሰዳችሁ ያልተሸጠውን ወተት ምን ታደርጉታላችሁ? ቅቤ ይሆናል፤ ለፋሲካ ይሸጣል። ግን ያ ሌላ ሥራ ነው፤ ለሁለት ወር የሚታሰር ገንዘብም ይፈልጋል። ይህን ሰው ፍሪጅ ከመግዛቱ በፊት ቢያስበው ይሻላል።

አራተኛ፦ ቀብድ ጠይቁ

ሒሳቡ የሚያስፈልገውን ቁጥር ሰጥቶናል፤ በቀን 80 ኩባያ ገደማ። አንድ ሰው በሳምንት ካሉት ሦስት ቀኖች ሁለቱን ቢገዛ በሳምንት 240 ኩባያ ለመሸጥ 120 ቋሚ ደንበኛ ያስፈልጋል። እንግዲህ ጥያቄው «ሰው እርጎ ይወዳል ወይ?» መሆኑ ቀርቷል። «ፒያሳ ላይ በየሳምንቱ የሚገዛ 120 ሰው አለ ወይ?» ሆኗል።

120ውን ሁሉ መፈለግ አያስፈልግም። አርባ የማታውቋቸውን ሰዎች አግኙ፤ በሦስት ወይም በአራት ቢሮ የተበተኑ ይሁኑ። ቤት ውስጥ የተሠራ፣ ወተቱ በደንብ የፈላ ጥቂት እርጎ ይዛችሁ ሂዱና አስቀምሱ። ለቅምሻው የሚወጣው የጥቂት ሊትር ወተት ዋጋ ነው። ከቀመሱ በኋላ እንዲህ በሏቸው፦ «ከሚቀጥለው ሰኞ በኋላ ባለው ሳምንት እጀምራለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለት ኩባያ አሁን ለሚከፍለኝ እይዛለሁ፤ 120 ብር። ካልጀመርኩ በዚያው ቀን እመልሳለሁ።» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሸንፎ «ችግር የለም፣ ስጀምር ትከፍላለህ» ይላል፤ ፈተናውም በዚያ ያልቃል።

ከመውጣታችሁ በፊት ግን ገደቡን በወረቀት ላይ ጻፉ። ለምሳሌ «ከ40ው 12 ሰው ከከፈለ እቀጥላለሁ፤ ከስድስት በታች ከሆነ እተወዋለሁ» በሉ። ቁጥሩን የምታወጡት አካባቢው ላይ በየቀኑ ልትደርሱበት ከምትችሉት ሰው ብዛት ነው። 120 ደንበኛ ከፈለጋችሁና በእግር የምትደርሱባቸው ቢሮዎች ውስጥ 400 ሰው ካለ፣ ከአሥር ሦስቱ መክፈል አለባቸው። ከ40 ሰው 12 የሚለው ከዚህ የመጣ ነው። ገደቡ ቀድሞ ካልተጻፈ አራት ሰው ሲከፍል «ለመጀመሪያ ቀን መጥፎ አይደለም» ማለታችሁ አይቀርም።

ቀብድ ያልሆነውን ነገርም ለዩ። «ስልኬን ያዥ» ቀብድ አይደለም። «ስትጀምሪ ደውይልኝ» ቀብድ አይደለም። «ደመወዝ ሲወጣ» ቀብድ አይደለም፤ ግን ልብ ብላችሁ መዝግቡት፤ ምናልባት ሰውየው እርጎውን ፈልጎ የወሩ መጨረሻ ሆኖበት ይሆናል። ያን ሰው ደመወዝ በወጣ ማግስት አንድ ጊዜ ተመለሱበት። ያኔም ካልከፈለ «አይ» ብላችሁ ቁጠሩት።

የከፈለውን ሰው ስምና ብር በደብተር ጻፉ፤ ደረሰኝ ባይሆን እንኳ በእጃችሁ የተጻፈ ወረቀት ስጡት። ገንዘቡን አትንኩት። ለብቻው አስቀምጡት። ካልተሳካ በተባለው ቀን፣ ሳይጠየቅ መልሱ። ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚቀጥለውን ሐሳብ የምትፈትኑት በእነዚሁ ሰዎች ላይ ነው።

አምስተኛ፦ የተገኘውን አንብቡ

ልጅቷ 40 ሰው ጠይቃ አምስት ከፈሉ እንበል። የቀመሱት ሁሉ ወደውታል። ከገደቡ በታች ነው። ስለዚህ እርጎ ቤቱ በዚህ መልኩ አይከፈትም። ያወጣችው የወተትና የታክሲ ብር ነው፤ የወራት ኪራይ አልሄደባትም።

ደብተሯ ግን ሌላ ነገር ይዟል። «ባለፈው ረቡዕስ?» ለሚለው ጥያቄ የመጡት መልሶች ይመሳሰላሉ። አንዷ «በያይነቱ ፍለጋ ወጥቼ ወረፋ ይዤ ሰዓት አለፈብኝ» ብላለች። ሌላው «ሽሮ አዝዤ እስኪመጣ ምሳ ሰዓቱ አለቀ» ብሏል። ሦስተኛዋ ከቤት ቋጥራ ትመጣለች፤ ግን «ማሞቂያ የለም» ትላለች። እነዚህ ሰዎች አሁንም ይከፍላሉ፣ አሁንም ይደክማሉ። ማንም ግን ይህን ሲነግራት «ዋው» አላለም። የጾም ምሳ አድርሶ መሸጥ ማንንም አያስደንቅም፤ ባነርም አያምርበትም።

እዚህ ጋ ነው ፍርድ የሚያስፈልገው። አሰልቺ መሆኑ ጥሩ ሐሳብ አያደርገውም። እሱም በዚያው መንገድ ያልፋል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፦ «ፒያሳ ቢሮ የሚሠራ ሰው ረቡዕና ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወረፋ በሚይዝበት ምግብ ቤት ፈንታ የጾም ምሳ ይገዛኛል።» ቀን መቁጠሪያው ላይ ሲቀመጥ ለእርጎው ጠላት የነበሩት ቀኖች ለዚህ የገበያ ቀን ናቸው፤ ሁዳዴ ሲገባ ሽያጩ በሳምንት ከሁለት ቀን ወደ አምስት ይወጣል። ከፋሲካ በኋላ ግን ሰባት ሳምንት ይተኛል። ለእነዚያ ሰባት ሳምንቶች ኪራይ የሌለው አሠራር ያስፈልገዋል፤ ከቤት ማብሰል ማለት ነው። ቀጥሎ ቀብዱ ይጠየቃል፤ የሚቀጥለው ሳምንት የረቡዕና የዓርብ ምሳ፣ ቀድሞ የሚከፈል። የፈተናው ምሳ ቤት ባለው ድስትና በተከራየ የምሳ ዕቃ ይሠራል፤ ምንም አይገዛም። ንግድ ፈቃድና የምግብ ንጽሕና ጉዳይ ሥራው ሲጀመር የሚመጣ ወጪ ስለሆነ ከአሁኑ ቋሚ ወጪው ውስጥ ይግባ።

ውጤቱ መሀል ላይ ቢወድቅስ? ዘጠኝ ሰው ከፈለ እንበል፤ ከስድስት በላይ፣ ከ12 በታች። ያኔ አንድ ነገር ብቻ ለውጣችሁ በሌሎች 40 ሰዎች ላይ ድገሙት። ወይ ዋጋውን፣ ወይ ሰዓቱን፣ ወይ ሰፈሩን። ሁለቱን አንድ ላይ ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ዋጋውን ስትቀንሱ ግን የሦስተኛውን እርምጃ ሒሳብ መልሳችሁ ሥሩ፤ ከ60 ወደ 50 የወረደ ኩባያ የሚያተርፈው 12 ብር ስለሆነ 78 የነበረው የቀን ሽያጭ ወደ 143 ይወጣል። ሁለተኛው ዙርም መሀል ላይ ከቀረ ቀብዱን መልሱ፣ ደብተሩን አስቀምጡ። ሦስተኛ ዙር አትጨምሩ።